የካላዛር ረድፍ በመተማ፦ ድምሩ ትክክል ሆኖ ሪፖርቱ ሲሳሳት

በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች በሚገኙ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች፣ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንደኛው የታካሚው ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻና የተገኘበት በሽታ የሚጻፍበት መዝገብ ነው። ሁለተኛው ባለሙያዎቹ «ታሊ ሺት» የሚሉት የዕለት መቁጠሪያ ቅጽ ሲሆን፣ በረድፉ የበሽታዎች ስም፣ በዓምዱ ደግሞ በወንድና በሴት የተከፈሉ የዕድሜ ክልሎች አሉበት። ታካሚው ተመርምሮ ሲወጣ በሚገባው ሳጥን ውስጥ አንድ ጭረት ይጨመራል። የሪፖርቱ ወር ካለፈው ወር 21ኛ ቀን ይጀምርና በወሩ 20ኛ ቀን ይዘጋል፤ የዕለቱ ቅጾች ሳጥን በሳጥን ተደምረው ወደ ወርሃዊው የበሽታ ሪፖርት ይገለበጣሉ። ከዚያም ቁጥሮቹ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞንና ወደ ክልል ይወጣሉ።

ይህን ሥራ የሚመለከት ጥናትም ሆነ የድጋፍ ክትትል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ «የሪፖርቱ ድምር ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል ወይ?» የሚል ነው። የእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ ለመተማ አይበቃም የሚል ነው። በዚህ አካባቢ የአንድ ረድፍ ድምር ፍጹም ትክክል ሆኖ ሳለ ሪፖርቱ ሐሰት ሊናገር ይችላል፤ ምክንያቱም እዚህ ዜናው ያለው በድምሩ ውስጥ ሳይሆን በሳጥኖቹ አቀማመጥ ውስጥ ነው። ለዚህ የካላዛርን ረድፍ ያህል ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

የካላዛር ተሕዋስያን የሚተላለፉት በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው። ዝንቧ በመተማና በሑመራ ቆላ በበጋ በሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች። ለሰሊጥና ለማሽላ አረምና አጨዳ ከደጋው የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች በየዓመቱ በብዙ ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ የሚያድሩትም በእርሻው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ያለ አጎበር ነው። ስለዚህ የመተማ የካላዛር ረድፍ የተለመደ መልክ አለው፦ ጭረቱ ሁሉ ማለት ይቻላል በአዋቂ ወንዶች ሳጥን ውስጥ ይከማቻል፣ የሴቶችና የሕፃናት ሳጥኖች ባዶ ወይም ባዶ ቀመስ ሆነው ይቀራሉ። ይህን መልክ የሚያውቅ ሰው ረድፉን አይቶ «በሽታው የሚይዘው እርሻ ላይ የሚያድረውን ሰው ነው» ብሎ ሊያነበው ይችላል።

መልኩ ሲለወጥ ምን ማለት እንደሆነ ከ1997 ዓ.ም. ተምረናል። በዚያ ዓመት በደቡብ ጎንደር ደጋማ ክፍል፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ብዙ ሰው የገደለ የትኩሳት በሽታ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር፤ ሲመረመር ግን ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በሽታው ከመተማና ከሑመራ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ወደ ደጋው ሳይገባ እንዳልቀረ በሰፊው ይታመናል። ይሁንና ታማሚዎቹ ቆላ ወርደው የተመለሱት ወንዶች ብቻ አልነበሩም፤ ከቀያቸው ርቀው የማያውቁ ሕፃናትና ሴቶችም ነበሩባቸው። ካላዛር ከውጭ የሚመጣ መሆኑ ቀርቶ በመንደሩ ውስጥ መተላለፍ መጀመሩን የሚናገረው የእነዚህ ሰዎች መታመም ነው። በሪፖርት ቅጽ ቋንቋ ሲነገር፣ ለወትሮው ባዶ በሆነ ሳጥን ውስጥ የገባ ጭረት ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ጭረት በየት በኩል እንደሚጠፋ እንይ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለማስረዳት ያህል የተሠሩ እንጂ ከየትኛውም ተቋም የተወሰዱ አይደሉም። አቀራረቡ እንዲቀልም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ላይ በዋለው ቅጽ የነበረውን የሦስት ዕድሜ ክፍፍል (ከ5 ዓመት በታች፣ ከ5 እስከ 14፣ 15ና ከዚያ በላይ) እወስዳለሁ።

አንድ ጤና ጣቢያ በኅዳር ወር ሪፖርቱ 9 የካላዛር ታማሚዎች አሉት እንበል። እውነተኛው ስርጭት 6 አዋቂ ወንዶች፣ 1 አዋቂ ሴትና 2 ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች ነው። ወሩ የወባ ወቅት ስለሆነ የታካሚው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ጤና መኮንኑ ጭረቱን በየታካሚው ማስፈሩን ይተውና ወሩ ሊዘጋ ሲል ከመዝገቡ ላይ በአንድ ጊዜ ለመቁጠር ያስባል። ቀኑ ሲደርስ ከዘጠኙ ታማሚዎች የሁለቱ ልጆች ዕድሜ ያልተሞላ ሆኖ ያገኘዋል። ካላዛር በመተማ የማን በሽታ እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ባዶዎቹን ሁለት መስመሮች በአዋቂ ወንዶች ሳጥን ያስገባቸዋል። ሪፖርቱ 8 አዋቂ ወንዶችና 1 አዋቂ ሴት ይላል። ድምሩ አሁንም 9 ነው። የወረዳው ክትትል ቡድን መጥቶ መዝገቡን ቢቆጥር 9 ያገኛል፣ ሪፖርቱም 9 ይላል፣ ጤና ጣቢያውም ጥሩ ነጥብ ያገኛል። የጠፋው ነገር ግን በረድፉ ውስጥ ከነበረው ሁሉ ይበልጥ መታወቅ የነበረበት ነው።

የዚህ ስሕተት ክፋት በዘፈቀደ አለመሆኑ ነው። በግዴለሽነት የተጨመረ ጭረት አንድ ቀን ወደ ላይ፣ ሌላ ቀን ወደ ታች ይስታል፤ በብዛቱም ይቻቻላል። በልማድ የተሞላ ባዶ ቦታ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ለመድነው መልክ ይስባል። ቅጹ አዲስ ነገር እንዲነግረን የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ የቀድሞ እምነታችንን መልሶ የሚያነብልን መስተዋት ይሆናል።

ሁለተኛው መጥፊያ ከዚህ ይልቅ ረቂቅ ነው። ዕድሜው ተጽፏል፣ ግን በግምት ነው። በእርሻ ሥራ ላይ ያለ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ዕድሜውን ከፍ አድርጎ መናገሩ የተለመደ ነው፤ አሠሪው ልጅ ነህ ብሎ እንዳይመልሰው። ጸሐፊውም ቢሆን ዕድሜ ሲጠራጠር 10፣ 15፣ 20 እያለ ወደ ሙሉ ቁጥር ያደላል። ይህ ዝንባሌ በሳጥኑ መካከል ቢሆን ጉዳት አልነበረውም፣ 22 በ20 ቢተካ ሳጥኑ አይለወጥም። ነገር ግን 15 የልጅና የአዋቂ ድንበር ስለሆነች 14ን 15 ማለት ልጁን በአንድ ብዕር ጭረት አዋቂ ያደርገዋል። ይህን ለማወቅ መዝገቡን ገልጦ በ13፣ በ14፣ በ15ና በ16 የተጻፉትን ወንዶች ብቻ ለየብቻ መቁጠር ይበቃል። የ15ቱ ቁጥር ከጎረቤቶቹ በእጅጉ ከበለጠ፣ ከ5 እስከ 14 ያለው ሳጥን መጉደሉን ያሳያል።

ስለዚህ የመረጃ ጥራት ፍተሻው ራሱ መለወጥ አለበት እላለሁ። በአገራችን የጤና ተቋማት የሚሠራበት ፍተሻ በዕጣ 12 የመረጃ ነጥቦችን ከሪፖርቱ መርጦ ከመዝገቡ ጋር ያነጻጽራል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ዕጣው የረድፍ ድምሮች ላይ ሲወድቅ ግን ከላይ ያየነውን ስሕተት ፈጽሞ አያየውም። በመተማ፣ በቋራና በታች አርማጭሆ ከ12ቱ ቢያንስ ሁለቱ በዕጣ ሳይሆን በውሳኔ የካላዛር ረድፍ የሕፃናትና የሴቶች ሳጥኖች ይሁኑ። ሳጥኑ ዜሮ ቢሆንም ይፈተሽ፤ እንዲያውም ዜሮ ሲሆን ነው ይበልጥ መፈተሽ ያለበት፣ ዜሮው «አልነበረም» ይሁን «አልተጻፈም» የሚታወቀው ወደ መዝገቡ በመመለስ ብቻ ስለሆነ። ዕድሜ ያልተሞላበት መስመርም በግምት ወደ ሳጥን መግባቱ ቀርቶ በቅጹ ኅዳግ ላይ «ዕድሜ የሌለው» ተብሎ ለብቻው ይቆጠር።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም አንድ ችግር ይቀራል። ሳጥኖቹ በትክክል ተሞልተው በሕፃናት ሳጥን 2 ጭረት ተገኘ እንበል። ሊቦ ከምከም ላይ የሆነው እዚህም ጀመረ ማለት ነውን? ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ይህን በችኮላ መናገር አይቻልም። በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በመተማ ዮሐንስ በኩል እጅግ ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ተሰድደው ገብተዋል። ከድንበሩ ማዶ ያለው የገዳሪፍ ግዛት ደግሞ ካላዛር ከጥንት የተንሰራፋበት፣ ከታማሚዎቹም ብዙዎቹ ሕፃናት የሆኑበት አገር ነው። ያው ሁለት ጭረት፣ ልጆቹ ከመተማ መንደር ከሆኑ የአዲስ ስርጭት ምልክት፣ ከገዳሪፍ የመጡ ከሆኑ ግን በመጡበት አገር የተያዙ ታማሚዎች ናቸው። የበሽታው ምልክት ከንክሻው በኋላ ብዙ ጊዜ ወራት ቆይቶ ስለሚታይ፣ ታማሚው የታከመበት ቦታ የተያዘበትን ቦታ አይነግርም። ዕድሜና ጾታ ብቻቸውን ይህን አይለዩትም፤ የሚለየው አድራሻ ነው፣ አድራሻው ደግሞ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ሳለ በዕለት ቅጹ ላይ ሲደመር ይወድቃል።

የማቀርበው ሐሳብ አዲስ ቅጽ አይጠይቅም። በካላዛር ረድፍ ላይ ብቻ፣ ለነዋሪው የተለመደው ጭረት፣ ለሥራ ለመጣው ትንሽ ክብ፣ ከሱዳን ለመጣው ሦስት ማዕዘን ይደረግ። (የመስቀል ምልክት አይመከርም፤ አምስተኛው ጭረት አራቱን አቋርጦ ስለሚያልፍ ይምታታል።) በወሩ መጨረሻ ሦስቱም ምልክቶች እኩል አንድ አንድ ሆነው ተደምረው ወደ ብሔራዊው ሪፖርት ይገባሉ፤ የምልክቶቹ ዝርዝር ግን በአንድ መስመር ማስታወሻ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይላክ።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሥራ ይጨምራል የሚለው ብዙ አያስጨንቀኝም፤ ካላዛር በአንድ ጤና ጣቢያ በወር ጥቂት ጭረት ነው፣ ወባን እንዲህ መለየት ቢጠየቅ ኖሮ ክርክሩ ሌላ ይሆን ነበር። ከባዱ ተቃውሞ ሦስት ማዕዘኑ ስደተኛውን፣ ክቡም የቀን ሠራተኛውን «በሽታ አምጪ» ብሎ ለመፈረጅ ያገለግላል የሚለው ነው። ለዚህ ነው ምልክቱ ስም በሌለበት የዕለት ቅጽ ላይ እንጂ በታካሚው ካርድ ላይ እንዳይደረግ የምለው። ሌላም ድንበር አለ፦ በአካባቢው «ሳሉግ» የሚባሉት፣ ለአንድ ወቅት ሥራ መጥተው ቋሚ ቤት ሳይኖራቸው ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ለዓመታት የቀሩት፣ ነዋሪ ናቸው ወይስ መጤ? ለካላዛር ሲባል ከነዋሪው ጋር ሳይሆን በክቡ ቢቆጠሩ ይሻላል፣ አዳራቸው እንደ ወቅታዊው ሠራተኛ በእርሻ ላይ ስለሆነ። ክፍፍሉ ሊለይ የሚገባው ሰውየው የማን አገር ሰው እንደሆነ ሳይሆን ሌሊቱን የት እንደሚያሳልፍ ነው፤ ለጠያቂውም ባለሙያ «ከየት መጣህ?» ከማለት ይልቅ «ባለፉት ስድስት ወራት የት ታድር ነበር?» ማለት ይቀለዋል።