የተበደረ ምሽት

ጎርጎራ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው፤ ከጠለቀችም በኋላ ደህና ብርሃን የሚቆየው ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። የሰማዩ ሰማያዊነትና የመስኮቱ መብራት የሚመጣጠኑት በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ፎቶግራፍ አንሺ ይጠብቃታል።

ዛሬ ግን ቤት ሻጭ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት «አዲስ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ፣ በምሽት፣ መስኮቶቹ የበሩ፣ ግቢው የለማ» ብሎ ይጽፋል። ጥፋቱም ከቃላቱ ይጀምራል። «የበሩ» ሲባል ማሽኑ መስኮቶቹን ሁሉ በአንድ ቀለም ያበራል፤ ገዢውም ሰው የገባበት፣ መብራት የተሳበለት ቤት ያያል። «የለማ» ሲባል ጠጠር በተከመረበት ቦታ ለምለም ሣርና ዘንባባ ይበቅላል። ያልታዘዘም ይመጣል፤ አምስቱ ፎቅ ስድስት ይሆናል፣ የሰገነቱ አጥር ከግድግዳው ይቀልጣል። ተመልካች ከአርክቴክቱ ንድፍ ጋር አስተያይቶ መስኮቶቹን በየፎቁ ቢቆጥር ይደርስበታል።

«ማስታወቂያ መቼም ያሳምራል» የሚሉ አሉ። ይሁንና ፎቶግራፍ አንሺው ለነበረ ቤት ሰዓት መረጠ፤ ማሽኑ ግን ለተመረጠ ሰዓት ቤት ፈጠረ። ልዩነቱም ቤቱ ሳያልቅ ገንዘቡን ለሚከፍል ሰው ትልቅ ነው።

ስለዚህ መነሻው የሕንፃው እውነተኛ የቀን ፎቶግራፍ ይሁን። ትእዛዙ ብርሃኑን ብቻ ይለውጥ፤ ከሠላሳ መስኮት ስምንቱ ቢበሩ ይበቃል። የተተከለው ዛፍ ብቻ ይታይ። ከሥሩም «በማሽን የተሠራ ሥዕል» ተብሎ ይጻፍ።