«መቼ እንውለድ?» ከማለታችሁ በፊት

ሠርጉ ዓመት ሳይሞላው ጥያቄው ይጀመራል። «ዓይንሽን በዓይንሽ ያሳይሽ» የሚለው ምርቃት ቀስ በቀስ «ምነው ዝም አላችሁ?» ወደሚል ይቀየራል። የባልና ሚስቱ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ትንሽ ቆይተን»። ለዘመድ ይህ በቂ ነው። ክፋቱ ብዙ ባለትዳሮች እርስ በርሳቸውም ከዚህ ያለፈ አለመነጋገራቸው ነው።

«ትንሽ ቆይተን» ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ይሸፍናል። ለአንዱ «እፈልጋለሁ፣ አሁን ግን አልተዘጋጀሁም» ማለት ነው። ለሌላው «አልፈልግም፣ ግን ለመናገር አልደፈርኩም» ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ስለሚናገሩ የተስማሙ ይመስላቸዋል። ልዩነቱ የሚገለጠው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ» ሳይሆን «እንፈልጋለን ወይ» መሆን አለበት። ከመነጋገራችሁ በፊት ለየብቻ ጻፉት፦ እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም፣ ወይስ እርግጠኛ አይደለሁም? ከፈለግሁ ስንት? ለየብቻ የሚጻፈው አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ መልሱን እንዳያስተካክል ነው። «እርግጠኛ አይደለሁም» ያለ ሰው ምን ቢለወጥ እንደሚወስን አብሮ ይጻፍ። ያለዚያ መልሱ ሌላ «ትንሽ ቆይተን» ነው።

ሁለቱም «እፈልጋለሁ» ካሉ ወደ «መቼ» ይኬዳል። እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት ያስፈልጋል። እንበልና እሷ 32፣ እሱ 36 ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ልጅ ይፈልጋሉ። የቤት ቅድመ ክፍያ እስኪያጠራቅሙ ሦስት ዓመት ለመቆየት ተስማምተዋል። እሷ የምትጠቀመው የሦስት ወሩን መርፌ ነው። መርፌው መካን አያደርግም፤ ነገር ግን ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል። በ35 ዓመቷ የመጨረሻውን ብትወጋ፣ ሁሉም ቢቀና የምትወልደው 36 ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። ከወሊድ በኋላ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ቢቆይ ይመከራል። እንግዲህ ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ እናትየው 40 ዓመት ገደማ ትሆናለች።

ከ35 በኋላ የማርገዝ ዕድል በፍጥነት እየቀነሰ፣ የፅንስ መጨንገፍ ዕድል ደግሞ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ እነዚህ ባልና ሚስት «ሦስት ዓመት እንቆይ» ሲሉ ሳያውቁት ስለ ሁለተኛው ልጅም እየወሰኑ ነው። ይህን ካወቁ ምርጫ አላቸው፤ ቤቱን ማዘግየት፣ በአንድ ልጅ መስማማት፣ ወይም ከባለሙያ ጋር ተማክሮ እንደተወገደ ለማርገዝ ወደሚያስችል መከላከያ መቀየር፣ ለምሳሌ በክንድ ወደሚቀበረው ወይም ወደ ሉፕ።

ቀጥሎ አብረው የሚስማሙበት ነገር አለ፦ ቢዘገይስ ማን ይመረመር? ዕድሜዋ ከ35 በታች ከሆነ ከአንድ ዓመት ሙከራ በኋላ፣ ከ35 ጀምሮ ከስድስት ወር በኋላ ሐኪም ማየት ይመከራል። ምርመራው የሁለቱም ነው። በእኛ አገር ጣት የሚቀሰረው ወደ ሴቷ ቢሆንም ምክንያቱ ከወንዱ በኩል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራም ቀላል ነው። «እኔም እመረመራለሁ» የሚለው ቃል ገና ሆድ ሳይብስ ቢባል ይሻላል።

ከዚያ አራተኛው ወር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። ሕፃኑ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመከራል። እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ገና የሚቀሩ ወራት አሉ። ማን ይይዘዋል? አያት ከክፍለ ሀገር ትመጣለች? ሞግዚት ይቀጠራል? ወይስ አንዳቸው ሥራ ያቆማሉ? «እናቴ አለች» የሚል ሰው እናቱን ጠይቋታል? «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል ለዚህ መልስ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ዕድል የተባለው የእናትየው ሥራ መልቀቅ ነው።

አንዱ «አልፈልግም» ብሎ ከጻፈስ? ያኔ ስለ ቀን መደራደር አይገባም፤ ግማሽ ልጅ አይወለድም። የሚያስፈልገው ጊዜ ወስዶ ምክንያቱን መስማት ነው። የገንዘብ ወይም የምጥ ፍርሃት ከሆነ ሊፈታ ይችላል። ቁርጥ ውሳኔ ከሆነ ግን ሌላኛው ዕድሜው ሳያልፍ ሊያውቀው ይገባል።

ውይይቱ በአንድ ምሽት አያልቅም። ሲነሡ ግን አንድ ነገር ይቁረጡ፦ እንደገና የሚነጋገሩበትን ወር። ለዘመድ «ትንሽ ቆይተን» ማለቱ ይቀጥል፤ ቤት ውስጥ ግን «ትንሽ» ስንት ወር እንደሆነ ሁለቱም ይወቁ።