በኢሜይል የሚላኩ የውል አንቀጾችን አተረጓጎም በተመለከተ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በበየዳ፣ በደባርቅና በዳባት የምንሠራ አስጎብኚዎች፣ በቅሎ አከራዮችና ምግብ አብሳዮች የተሰባሰብንበት ማኅበር፣ ወደ ራስ ዳሸን የሚወጡ እንግዶችን የምንቀበልበት ውል በአብዛኛው የሚታሰረው በኢሜይል መሆኑን በማየት ይህን መግለጫ አውጥተናል። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ አስጎብኚ ድርጅት በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ደባርቅ ያለው ልጅ መልእክቱን በስልኩ ያነባል፣ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ ድል ይብዛ ላሉት የበቅሎ ባለቤቶች ደውሎ ይነግራል። እነሱ “እሺ” ሲሉ እሱ “ተስማምተናል” ብሎ ይመልሳል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል የሚመሠረተው አንዱ ወገን ያቀረበውን ሐሳብ ሌላው ሲቀበለው ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተላከ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንዳያጣ ይጠብቃል። ስለዚህ ያ አጭር መልስ ያስራል፤ ጥያቄው ለየትኛው ሐሳብ ነው የታሰርነው የሚለው ነው።

በብዛት የሚያጣላው የገንዘብ አንቀጽ በመሆኑ እሱን በዝርዝር እናያለን። ለምሳሌ የጉዞው ዋጋ 200,000 ብር ነው እንበል። የእንግሊዝኛው ኢሜይል ከዋጋው 30 በመቶ፣ ማለትም 60,000 ብር፣ በዲፖዚት እንደሚከፈል፣ እንግዳው ጉዞው ሊጀመር ከ30 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ከሰረዘ ይህ ገንዘብ እንደማይመለስ ይናገራል። ተርጓሚው በቀላሉ የሚያገኘው ቃል “ቀብድ” ነው፤ “30 በመቶ ቀብድ ይከፈላል፣ አይመለስም” ይላል። ንግግሩ ለጆሮ ደህና ነው። በውሉ ውስጥ ግን ሦስት ነገር ተቀይሯል።

አንደኛ፣ ቀብድ በሕጋችን የራሱ ውጤት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን መተው ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ደግሞ ውሉን ከተወ እጥፉን ይመልሳል። እኛ በቅሎ አጥተን ብንሰርዝ፣ በእንግሊዝኛው ንባብ የተቀበልነውን 60,000 ብር እንመልሳለን፣ ደረሰ የተባለ ጉዳት ካለም ለብቻው ይታያል። በአማርኛው ንባብ ግን ገና ከመነሻው የሚጠየቀው 120,000 ብር ነው። ሁለተኛ፣ “ቀብድ” ሲባል ለሁለቱም ወገን የመውጫ በር ተከፍቷል፤ የእንግሊዝኛው አንቀጽ ግን እንዲህ ያለ በር መክፈቱን አልተናገረም። ሦስተኛ፣ “አይመለስም” የሚለው ማሠሪያ የ30 ቀኑን ገደብ ውጦታል፤ ከሁለት ወር በፊት የሰረዘ እንግዳም ገንዘቡን ያጣል ማለት ሆኗል። ተርጓሚው ምንም አልዋሸም፤ ሁሉም ሰው በሚያውቀው ቃል ነው የተናገረው፤ ስህተቱን ለማየት አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ስለሆነም የማኅበራችን አቋም የውል ቃል የሚተረጎመው በስሙ ሳይሆን በሚያስከትለው ውጤት ነው የሚል ነው። ዲፖዚት የሚለውን “ቅድሚያ ክፍያ” እንለዋለን፤ ቀጥሎም ማን ሲሰርዝ ስንት እንደሚመለስ በተሟላ ዓረፍተ ነገር እንጽፋለን። እኛ በእውነት ቀብድ ማለታችን ከሆነም በእንግሊዝኛው መልስ የቃሉን አቻ ፍለጋ ሳንደክም ውጤቱን፣ የእጥፉን ነገር ጨምሮ፣ እንገልጻለን።

ቀን አቆጣጠር ሌላው የሚያጣላ ነው፤ በተለይ ክረምት አልፎ እንግዳ መምጣት በሚጀምርበት ሰሞን። ጉዞው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2025 ይጀመራል ከተባለ ቀኑ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። 30 ቀን ወደኋላ ሲቆጠር ነሐሴ 30 ላይ ያደርሳል። ተርጓሚው “30 ቀን” የሚለውን “አንድ ወር” ብሎ ቢያሳጥረው ግን አድማጩ በኛ አቆጣጠር ወደ ነሐሴ 25 ይሄዳል፤ በመካከል ጳጉሜን ስላለች 35 ቀን ይሆናል። ነሐሴ 27 ላይ የሰረዘ እንግዳ በእንግሊዝኛው ገንዘቡ ይመለስለታል፣ በአማርኛው ይቀርበታል። በዚህ ምክንያት የቀን ቁጥር ወደ ወርም ወደ ሳምንትም አይለወጥ፤ የመጨረሻው ቀን ራሱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ እንላለን። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚነሳውን ጉዞ በፈረንጅ አቆጣጠር ስንጽፍ 6:00 መሆኑን ከጎኑ ማስቀመጥ አንድ መስመር እንኳ አይፈጅም።

የግሡ ማሠሪያ ደግሞ የግዴታና የፈቃድ መለያ ነው። የውጫሌ ውል ይህን ለኢትዮጵያውያን አስተምሯል፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መጻጻፍ እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። በኛ ኢሜይሎች “ድርጅቱ በቅሎዎቹን ሊቀይር ይችላል” እና “ድርጅቱ በቅሎዎቹን ይቀይራል” የሚሉት በችኮላ ይለዋወጣሉ። “ይከፈላል” የሚለውም ከፋዩን ይደብቃል። እንግሊዝኛው ከፋዩን ካልነገረ ተርጓሚው በራሱ ግምት ስም አይጨምር፤ መጀመሪያ መልሶ ይጠይቅ፣ የመለሱለትንም በጽሑፍ ይያዝ።

አሠራራችንም ይህ ይሆናል። ስለ ክፍያ፣ ስለ ስረዛ፣ ስለ ጉዳትና ከአቅም በላይ ስለሆነ ሁኔታ የሚናገሩ ዓረፍተ ነገሮች ከሰላምታውና ከጉዞው ወሬ ተለይተው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ እንግሊዝኛውና አማርኛው ከላይና ከታች ሆነው በአንድ ኢሜይል ይቀመጣሉ። ዋናውን ያላየ ሌላ አባል የአማርኛውን ቃል መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያዞራል። የዞረው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር በከፋዩ፣ በገንዘቡ፣ በቀኑ ወይም በማሠሪያው ላይ ልዩነት ከታየ “ተስማምተናል” አይላክም። ይህ መንገድ ሁሉን አይይዝም፤ እንደ ቀብድ ያለውን ሁለቱም ሰዎች በአንድ ዓይነት ልማድ ስለሚያዞሩት ሾልኮ ያልፋል። ለእንዲህ ያሉ ቃላት ማኅበሩ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነም የሕግ ባለሙያ ያየዋል።

የበቅሎ ባለቤቶች በስልክ የሰሙትን ብቻ ይዘው ወደ ውሉ እንዲገቡ አንፈልግም። አንቀጾቹ ይነበቡላቸው፤ የተነበበው የአማርኛ ጽሑፍም ያለ ለውጥ ለላኪው ይመለስ። ጭነቱን የሚሸከሙት የእነሱ በቅሎዎች ናቸው፤ ሲሰረዝም መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

የሁለቱ ቋንቋ ቅጂዎች ቢለያዩ የቱ እንደሚጸና በኢሜይሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ምርጫችን አማርኛው ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በመሆኑና በቅሎውን የሚያከራየው ሰው የተስማማው በሱ ስለሆነ። ሌላው ወገን እንግሊዝኛው ይጽና ካለ ግን አንከለክልም፤ ይህ ውሳኔ ለባለበቅሎዎቹ አስቀድሞ መነገሩን ብቻ እናረጋግጣለን። ዝም ብሎ ማለፍን አንቀበልም።

ከእኛ ጋር የምትሠሩ አስጎብኚ ድርጅቶች የውል አንቀጾቻችሁን በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከፋዩንና የመጨረሻውን ቀን ጠቅሳችሁ እንድትልኩልን፣ የምንልክላችሁንም የአማርኛ ቅጂ ከማጽደቃችሁ በፊት አማርኛ በሚያውቅ የራሳችሁ ሰው እንድታስነብቡ እንጠይቃለን።