ያልገባው ስም የት ይውደቅ?

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴን ይዤ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ወዳለ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። እማማ ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ ለዚያ ፓስፖርት፣ ለፓስፖርቱ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። የልደት ምስክር ወረቀቱን ለማውጣት በቀበሌ ዘመን የተሞላው የቤተሰብ ቅጻቸው ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አለበት። የተቀበለን ወጣት ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር አቀረበላቸው፣ «እናቴ» እያለ ነው ያስተናገዳቸው። እኔ ግን ተናድጄ ወጣሁ። ያናደደኝ ልጁ ሳይሆን ፊቱ የተደቀነው ቅጽ ነው።

የእሳቸውን ስም እዚህ ማውጣት ስለማይገባኝ የሚመስለውን ልውሰድ፤ ወለተ ሚካኤል ገብረ ማርያም ኃይለ ጊዮርጊስ እንበል። ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ሳጥኖች አሉ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ልጁ ከወረቀቱ ላይ እያየ መጀመሪያው ሳጥን ውስጥ «ወለተ»፣ ሁለተኛው ውስጥ «ሚካኤል»፣ ሦስተኛው ውስጥ «ገብረ» ብሎ ጻፈ። ሳጥኑ አለቀ፤ «ማርያም ኃይለ ጊዮርጊስ» ወረቀቱ ላይ ቀረ። እማማ የሚካኤል ልጅ፣ የገብረ የልጅ ልጅ ሆኑ፤ አባታቸውና አያታቸው ከመዝገቡ ወጡ ማለት ነው። «ልጄ፣ አባቴ እኮ ገብረ ማርያም ነው» ሲሉት ደንግጦ አጠፋው፣ ሁለት ሁለቱን ቃል አጣምሮም መለሰው። ባይናገሩ ኖሮ ግን እንደዚያው ይታተም ነበር። ቃል በተለየ ቁጥር አንድ ስም አለቀ ብሎ መቁጠር የመጀመሪያው ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ዕድሜው የቆየ ነው። የቀበሌው ቅጽ የስም ቦታው ጠባብ ስለነበር የያኔው ጸሐፊ በእዝባር አሳጥሮ ነው የጻፈው፤ ወ/ሚካኤል ገ/ማርያም ኃ/ጊዮርጊስ። እማማ በአካል ቀርበው ስለተናገሩ ወለተ ሚካኤል መሆናቸውን አወቅን። የሞተ ወንድማቸው ስም እዚያው ቅጽ ላይ «ተ/ማርያም» ተብሎ ሰፍሯል። ተክለ ማርያም ነው ወይስ ተስፋ ማርያም? «ወ/» ራሱ ለወንድ ወልደ፣ ለሴት ወለተ ይሆናል፤ የጾታው ሳጥን ባዶ በሆነበት መስመር ላይ መለየት አይቻልም። የድሮው ቅጽ ቦታ ጠብቦት የቆረጠውን የአዲሱ ቅጽ ጸሐፊ በግምት ሲቀጥለው፣ ግምቱ በመዝገቡ ላይ እንደ እውነት ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ግምት እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

«ፋይዳ መጥቷል፤ ሰው የሚለየው በጣት አሻራና በዓይኑ ነው፣ ስም ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ አሉ። የቤት ካርታ ላይ አሻራ የለም። የባንክ ደብተር ላይ የሰፈረው ስም ነው። ውርስ ሲመጣ ወ/ሚካኤልና ወለተሚካኤል አንድ ሰው መሆናቸውን በምስክር የሚያስረዱት ልጆቻቸው ናቸው። ስለዚህ ይህን ክርክር እዚህ ልዝጋው።

ፓስፖርቱ ጋ ስንደርስ ነገሩ በቁጥር ይገባል። ፓስፖርት ፎቶው ያለበት ገጽ ግርጌ ላይ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ፤ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ እያንዳንዱ መስመር 44 ቦታ ነው ያለው። በላይኛው መስመር አምስቱ ለሰነዱ ዓይነትና ለአገር መለያ ይሄዳሉ፤ ለስም የሚቀረው 39 ነው። እዝባር አይፈቀድም፣ የላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚገባው፣ ክፍተት ሁሉ በ< ይሞላል። የእማማን ስም አጣምረን ብንጽፈው እንዲህ ይወጣል፦

```
P<ETHHAILEGIORGIS<<WELETEMICHAEL<GEBREMARIAM
```

ልክ 44! አንዲት ቦታ አልተረፈችም። ስሙን እንደ ትክክለኛ አጻጻፉ ለያይተን ብናስገባው ግን በየመሀሉ አንዳንድ < ስለሚጨመር የስሙ ክፍል 42 ይሆናል፤ ሦስት ቦታ ይጎድላል፣ ከስሙ ላይም የሆነ ነገር መቆረጥ አለበት። ስለዚህ አጣምሮ ወይም ነጣጥሎ መጻፍ የጸሐፊው የእጅ ልማድ ብቻ አይደለም። እማማ መጀመሪያ ሰነድ ሲያወጡ የመረጡት አጻጻፍ እስከ መጨረሻው ድረስ የሚከተላቸው ነው። ቤተሰቡ ተቀምጦ አንድ አጻጻፍ መርጦ፣ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጀምሮ ባንኩም ፋይዳውም ያንኑ እንዲይዝ ማድረግ አለበት።

ከስሙ ይልቅ የከፋው ግን የልደት ቀኑ ነው። የቀበሌው ቅጽ የተሞላው በ1974 ሲሆን የሚለው «ዕድሜ 30» ብቻ ነው። የልደት ቀን የሚባል ሳጥን አልነበረውም። አዲሱ ቅጽ ደግሞ ቀን፣ ወርና ዓመት ካልተሞላለት ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ልጁ ሠላሳን ከ1974 ቀንሶ 1944 አለ፤ ቀኑንና ወሩን «መስከረም 1 እናድርገው» አለ። ብዙ ኢትዮጵያዊ፣ በተለይ ውጭ አገር ያለው፣ በአዲስ ዓመት ዕለት ወይም በጃንዋሪ 1 የተወለደ የሚመስለው በዚህ ዓይነቱ «እናድርገው» ነው።

እማማን ግን ጠየቅኋቸው። የተወለዱት የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ ስማቸውም የወጣው ከዚያ ነው። ዓመቱን በቁጥር አያውቁትም፣ እናታቸው ግን «ዘመነ ሉቃስ ነበር» ይሏቸው ነበር። የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ፣ እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ አሥር ዓመት ግድም ሆኗቸው ከምንጭ ውኃ ይቀዱ እንደነበር ያስታውሳሉ። ግርግሩ የሆነው በታኅሣሥ 1953 ነው። ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመጣል፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት የሚተርፍበት ዓመት ነው። በዚያ አካባቢ 1939፣ 1943 እና 1947 ሉቃስ ናቸው። በ1939 ተወልደው ቢሆን በግርግሩ ጊዜ አሥራ አራት፣ በ1947 ቢሆን ስድስት ይሆናቸው ነበር። አሥር የሚያደርጋቸው 1943 ነው። ኅዳር 12 ቀን 1943፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 1950።

የልጁ መስከረም 1 ቀን 1944 ከዚህ አሥር ወር ገደማ ይርቃል። እሱም ራሱ ሲመነዘር ችግር አለው፤ ሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ስለምትሆን ተከታዩ ዓመት የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ነው፣ ልጁ ግን እንደ ልማዱ 11 ብሎ ነበር የጻፈው። የፈጠረው ቀን ሲመነዘር ደግሞ ሌላ ቀን ሆነ። እማማ የሚያውቁት ቀንና ወንጌላዊ፣ ሳጥኑ የሚፈልገው ቀንና ዓመት፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ሥራ ሩብ ሰዓት የማይሞላ ጥያቄ ነበር።

ጠይቀን ባናገኝስ? እዚህ ላይ ነው ሰው እንዲሰማኝ የምፈልገው። ፓስፖርቱን ያወጣው ያው ዓለም አቀፍ ደንብ የልደት ቀኑ ያልታወቀ ሰው እንዳለ ያውቃል። ማሽኑ በሚያነበው መስመር ላይ ያልታወቀው ቀንና ወር በ< እንዲሞላ፣ ሰው በሚያነበው ቦታ ደግሞ በXX እንዲጻፍ ይፈቅዳል። 1951 ብቻ ከታወቀ መስመሩ ላይ 51<<<< ተብሎ ይገባል ማለት ነው። በቦታ ከሁሉም በላይ የሚቆጥበው ቅጽ «አይታወቅም» ለሚባለው መልስ ቦታ ሰጥቷል። የእኛ ሳጥን ግን ሰውን ካላስዋሸ አያሳልፍም። ያልታወቀን አልታወቀም ብሎ መጻፍ የማያስችል ቅጽ የተሠራው በስንፍና ነው፤ ሠሪው መጥቶ ማስተካከል አለበት።

በዚህ ዓምድ ደጋግሜ ያነሳሁት የቤተሰብ ስም ጉዳይም ሥሩ እዚሁ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በአስተዳደር ሰነድም የቤተሰብ ስሙ ይቅደም ይላል። ሕዝቡ ግን ያንን ሳጥን አልሞላውም፤ ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን እያለ ኖረ። ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 የክብር መዝገብን ድንጋጌዎች ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪነገር ድረስ አቆይቷቸው ነበር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። በመካከሉ 56 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት የሕዝቡ ልደትና ሞት የተጻፈው በክርስትና ካርድ፣ በቀበሌ ቅጽና በቅጹ ጠርዝ ላይ ነው።

ስለ ጠርዙ አንድ ነገር ልበል። የእማማ የቤተሰብ ቅጽ ግራ ጠርዝ ላይ የያኔው ጸሐፊ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፋቸው ሦስት መስመሮች አሉ፦ የቀድሞው የቤት ቁጥር፣ ቤት ውስጥ የምታድግ አንዲት ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች፣ እና «በሰፈር አጠራር» ብሎ የጻፈው ሌላ ስም። ከሦስቱ አንዱም አዲሱ ቅጽ ላይ ሳጥን የለውም። ልጁ «ይኼ አያስፈልግም» ብሎ አለፈው። ያሳደጓት ልጅ ነገ የመብት ጥያቄ ብታነሳ ያቺ የጠርዝ ጽሑፍ የመጀመሪያዋ ማስረጃ ነች።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቅጹ ላይ አንድ የማስታወሻ ሳጥን ይጨመር፣ የማይገባው እንዳለ ሳይታረም እዚያ ይገልበጥ፤ እዝባር ያለው ስም ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ካልፈታው በእዝባሩ ይቆይ። ቀኑ በግምት የተሞላ ከሆነ «በግምት» የሚል ምልክት አብሮት ይግባ። የድሮዎቹ ቅጾች ደግሞ ፊት ለፊቱ ብቻ ሳይሆን ከነጠርዛቸውና ከነጀርባቸው ፎቶ ሳይነሱ ከመደርደሪያ አይውረዱ። እናንተም ሕፃን ስታስመዘግቡ በዘጠና ቀኑ ውስጥ ሂዱ፤ የአያቱን ስም ያለ እዝባር፣ እስከ መጨረሻዋ ፊደል አስጽፉ፣ ወረቀቱንም ከመቀበላችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት።