«ሁሌ እናንተ ናችሁ»፦ ስለ አንድ ስክሪንሾትና ስለተጻፈለት መልስ



ባለፈው ሐሙስ ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ስልኩን ዘርግቶ ወደኛ መጣ። ልጅ ሆኖ መድረሳ ያስቀራነው ነው፤ አሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሥራ ይዟል። «ዑስታዝ፣ ይህንን አንብቡልኝና አፋቸውን የሚያዘጋ መልስ ጻፉልኝ» አለን። ስልኩ ላይ ያለው የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም የቴሌግራም ግሩፕ ስክሪንሾት ነበር። አራት መልእክት ብቻ ይታያል። ከሁሉ ያቃጠለው የመጨረሻው ነው፤ አራተኛ ፎቅ ያሉ እናት የጻፉት፦ «ሁሌ እናንተ ናችሁ»።

«እናንተ ማለት ሙስሊሞች ማለት ነው» አለን ልጁ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ መልስ ነው። እንዲህ ያለ ስክሪንሾት ይዘው የሚመጡ ወጣቶች በዝተዋል፤ አብዛኞቹ የሚፈልጉት መልስ ደግሞ ጠቡን የሚያሰፋ ነው። የዚህኛው ነገር ግን በአንድ ቀን ረገበ። እንዴት እንደረገበ በዝርዝር ብንናገር ይጠቅማል ብለን አሰብን። ስምና ቦታ አንጠራም።

መጀመሪያ ያደረግነው ስክሪንሾቱን መተውና ግሩፑን ራሱን እንዲከፍትልን መጠየቅ ነው። ልጁ አልወደደውም። ስክሪንሾት ግን ሰው ከረጅም ወሬ መርጦ የቆረጠው ቁራጭ ነው፤ የቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ተጣዮች አንዱ ነው። የኛው ስክሪንሾት የሚጀምረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ነበር፤ «ልጄ፣ ያልከፈለ ሰው አፉን ይያዝ» በሚል የገንዘብ ሰብሳቢው መልእክት። ከዚያ በፊት ምን ተብሎ ነው እኚህ ሰው እንዲህ ያሉት? ወደ ላይ ሄድን።

ነገሩ ይህ ነው። ሕንጻው ከምድር በላይ አራት ፎቅ ነው፤ በየወለሉ አራት ቤት፣ በድምሩ 20 ቤት። ውሃ ጣራ ላይ ወዳለው ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ ተቃጠለ። ማስጠገኛው 9,600 ብር ሆነ። እሑድ በተደረገ ስብሰባ ለ20 ቤት እኩል ተካፍሎ 480 ብር እንዲዋጣ ተወሰነ። የልጁ እናት ያን ቀን ለቅሶ ላይ ስለነበሩ አልተገኙም። ሰኞ ማስታወቂያው ግሩፑ ላይ ወጣ፤ ልጁ ግን ግሩፑን ድምፅ ስለዘጋበት አላየውም። ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ከ31 ላይ ሰብሳቢው «ያልከፈሉ» ብለው የአምስት ቤት ስም ለጠፉ። የእናቱ ስም ሁለተኛው ላይ ነው። እዚህ ላይ ልጁ እውነት አለው፤ ባልቴት እናትን በ20 ቤት ፊት ስም ለጥፎ ማሳፈር ጥፋት ነው። የመጀመሪያው ጥፋትም ይኸው ነበር።

ከዚያ በ2 ሰዓት ከ36 የተጻፈውን አየን። ስክሪንሾቱ ያልያዘው ይህንን ነው፦ «እኛ ምድር ላይ ነን፣ ውሃ በቀጥታ ነው የሚመጣልን። ሒሳቡን ማን አየው? በየወሩ ስንት ትበላለህ?»

ጸሐፊው ራሱ ነው።

ዝም አልነው። እሱም ዝም አለ። ሰብሳቢው ከስልሳ ዓመት ያለፉ፣ ጡረታ የወጡ፣ ይህንን ሥራ ያለ ምንም ክፍያ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ሀያ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ በሰው ሁሉ ፊት ሌባ አላቸው፤ ያውም «አንተ» ብሎ። በአማርኛ ይህ ሁለት ስድብ ነው። «ይበላሉ?» ብሎ ቢጠይቃቸው እንኳ ክሱ ክስ ነው፤ «ትበላለህ» ሲሆን ግን በክሱ ላይ ዕድሜያቸውንም ረገጠ። ስለዚህ ጠቡ ስለ 480 ብር አልነበረም። ስለ አንድ ሽማግሌ ክብር ነበር። ስለ ብሩ የቱንም ያህል አሳማኝ መልስ ቢጻፍ ያንን ቁስል አይነካውም ነበር።

«እናንተ» የምትለዋስ? ይህችን በጣም ፈራናት፤ ባልሆነ ትርጉም ብትወሰድ ጠቡ ከሕንጻው ወጥቶ የሃይማኖት ጠብ ይሆናልና። እኚያው እናት ከዚህ በፊት የጻፉትን በስማቸው ፈለግን፤ ቴሌግራም ላይ በግሩፑ ውስጥ የአንድን ሰው መልእክት ብቻ ለይቶ መፈለግ ይቻላል። ሰኞ ዕለት «እናንተ ምድር ያላችሁ፣ ውሃው ሲመጣ ምንጣፍ ማጠብ ተዉ፣ ወደ ላይ አይደርሰንም» ብለው ጽፈዋል። ከአንድ ወር በፊትም እንዲሁ። «እናንተ» ማለት ምድር ቤት ያሉት አራቱ ቤቶች ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ ክርስቲያን ናቸው። ልጁ ይህንን ሲያይ ትከሻው ወረደ። አላህ ዜና ሲመጣላችሁ አጣሩ ያለን ነገረኛ ሰው ወሬ ሲያመጣ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ንዴታችን ትርጉም ሲያመጣልንም ማጣራት አለብን።

አንድ ያልተጣራ ነገር ቀረ። ስሞቹ የተለጠፉበት መልእክት ላይ ከሰዓቱ ጎን edited የሚል ምልክት አለ፤ ማለትም ከተላከ በኋላ ተስተካክሏል። ልጁ «መጀመሪያ ከስሞቹ በላይ ስድብ ነበረበት፣ አጠፉት» ይላል። ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም ግን ለተራ አባል መስተካከሉን እንጂ ምን እንደነበረ አያሳይም፤ ጨርሶ የጠፋ መልእክትማ ምልክትም አይተውም። ማሳየት የማንችለውን መልሱ ውስጥ ላለማስገባት ተስማማን።

የብሩ ነገር ደግሞ አንድ ጥያቄ ፈለገ። «ፈረቃችሁ ባልሆነ ቀን፣ ቧንቧው ሲጠፋ፣ እናንተ ቤት ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» አልነው። ጥቂት አሰበና «ከሮቶው» አለ። ስለዚህ ፓምፑን ይጠቀሙበታል፤ ከላይኞቹ ግን ያነሰ። የላይኞቹ 16 ቤቶች ብቻ ቢከፍሉ 600 ብር ይደርስባቸው ነበር። ልዩነቱ በቤት 120 ብር ነው። ለዚህች 120 ብር ነው ያ ሁሉ የተባለው።

የልጁ የመጀመሪያ ረቂቅ በሐዲስ ይጀምር ነበር፤ ስለ ጎረቤት ሐቅ። አወጣነው። ሐዲሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጠብ መሐል ለጎረቤት ሲወረወር ዱላ ይሆናል፣ በዚያ ላይ የጎረቤትን ሐቅ የነካው ጠቃሹ ራሱ ነው። ሁለተኛው ረቂቅ «ካስቀየምኩ ይቅርታ፣ ግን እናንተም» ይል ነበር። «ካስቀየምኩ» የሚለው ይቅርታ ማስቀየሙን ገና አላመነም፤ «ግን» የሚለው ደግሞ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። አንድ ወንድም የጋራ ሕንጻ አዋጁ ይጠቀስ፣ ማኅበሩ ስም የመለጠፍ መብት የለውም ይባል ብሎ ነበር። እኛ አልመሰለንም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ የክስ መዝገብ ይሆናል፣ ነገ ደረጃ ላይ የሚገናኙት ግን እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

በመጨረሻ የተጻፈው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ትናንት ማታ ጋሼን የተናገርኩት ነገር ስህተት ነው። ምንም ማስረጃ የለኝም፤ አነጋገሬም ለእርስዎ የሚገባ አልነበረም። ቃሌን አንስቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴ እሑድ ለቅሶ ላይ ስለነበረች ውሳኔውን አልሰማንም፤ የሰኞውን ማስታወቂያም ሳላየው ቀርቻለሁ። 480 ብሩን ዛሬ ከሰዓት አመጣለሁ። ምድር ያለነው ፓምፑን የምንጠቀመው ቧንቧው በሚጠፋበት ቀን ስለሆነ፣ ለወደፊቱ ድርሻችን እንዴት ይሁን የሚለውን በሚቀጥለው ስብሰባ ብንነጋገርበት። የስም ዝርዝሩን ቢያነሡልን እናቴ ደስ ይላታል።»

ቅደም ተከተሉ ታስቦበት ነው። ይቅርታው ከምክንያቱ ይቀድማል፤ ምክንያቱ ከቀደመ ይቅርታው ማምለጫ ይመስላል። ስድቡን በቃሉ አልደገምነውም፤ ያላዩት ሰዎች አዲስ አድርገው እንዳያነቡት። ብሩ ይከፈላል ካለ በኋላ ነው የድርሻው ጥያቄ የመጣው፤ ስለዚህ ማንም «ላለመክፈል ነው» ሊል አይችልም። ዝርዝሩ ይነሣ የሚለው በእናቱ ስም ቀረበ፤ የተነካችው እሷ ናትና። «ሁሌ እናንተ ናችሁ» ላሉት እናት አንድም ቃል የለበትም። ልጁ ለዚህ ብዙ ተሟገተን። እኛ ግን እሳቸው ያሉት በንዴቱ መሐል የተወረወረ ቃል ነው፣ ዋናው ነገር ከተፈታ መሬት ላይ ይቀራል አልን።

በዚያ ማታ አልላከውም። ስድቡ የተነገረው በሕዝብ ፊት ስለሆነ ይቅርታውም እዚያው መነገር አለበት፤ የሰው ሐቅ በጓዳ ብቻ አይመለስም። ሆኖም ሽማግሌው መጀመሪያ ከስልክ ላይ ባያነቡት ይሻላል። ዓርብ ጠዋት በራቸውን አንኳኳ፤ «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፣ ግሩፑ ላይም እጽፋለሁ» አላቸው። ግባ አላሉትም። «እሺ» ብቻ አሉት። ከዚያ 2 ሰዓት ላይ ላከው።

ሃያ ደቂቃ ያህል ማንም አልጻፈም። ያቺን ሃያ ደቂቃ ልጁ አራት ጊዜ ደወለልን፤ «ላጥፋው?» እያለ። ከዚያ ሰብሳቢው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ እኔም ስም መለጠፌ ልክ አልነበረም፣ ለእናትህ ንገራቸው» ብለው ጻፉና ዝርዝሩን አጠፉ። ማታ የጥገናውን ደረሰኝ ፎቶ አንሥተው ለጠፉት፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ምንም አላሉም፤ እስከ ዛሬም አላሉም። የድርሻው ጥያቄ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተይዟል፣ ምናልባትም 480 ብሩ እንዳለ ይቀጥላል።

እንዲህ ያለ መልስ ለሁሉም ነገር አይሆንም። የሙሉ ወሬው ንባብ ተቃራኒውን ቢያሳየን፣ ማለትም «እናንተ» የተባለው በእውነት ለእምነታችን ቢሆን ወይም ዛቻ ቢኖርበት፣ ይቅርታ አናጽፈውም ነበር። መልእክቱን ከነሰዓቱ አስቀምጦ ወደ ማኅበሩና ወደ ሽማግሌዎች፣ ዛቻ ከሆነም ወደ ሕግ መሄድ ነበረበት፤ ግሩፑ ላይ ግን ያኔም ምንም አይጻፍም።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ልጁ ወደኛ ከመምጣቱ በፊት ያንን አራት መስመር ስክሪንሾት ለሁለት ጓደኞቹ ልኮት ነበር፤ «ተመልከቱ ምን እንደሚሉን» ከሚል ጽሑፍ ጋር። የጎረቤቶቹ ስምና ፎቶ ላዩ ላይ አለ። ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ አጥፉልኝ ብሎ ጠየቃቸው። አንደኛው አጠፋ። ሁለተኛው ወደ ሌላ ግሩፕ አስተላልፎት ነበር፤ እዚያ ያለው ሰው ከሦስት መቶ ይበልጣል፣ ልጁ ከነሱ መሐል አንዱንም አያውቅም።