ሁለት ጣት ፀጉር ስንት ነው?

ባለፈው ቅዳሜ መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት አንዲት ወጣት እንባዋን እየዋጠች ወጣች። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ፀጉሯ ታጥቦ፣ በኮንዲሽነር ለስልሶ፣ በማበጠሪያ ወደ ታች ተስቦ ከትከሻዋ አልፎ ነበር። ባለሙያዋ «የኔ ቆንጆ፣ ጫፉ ተጎድቷል፤ ትከሻሽ ላይ ላስተካክልልሽ?» አለቻት። ልጅቷም መስታወቱን አይታ እሺ አለች፤ መቀሱም ትከሻዋ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠራ። ልጅቷ ማስተኮስ ከተወች ቆይታለች፤ ፀጉሯን የምትይዘው በተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ፎንም ፒያስትራም ሳይነካው በራሱ ደረቀ። ሲደርቅ ጆሮዋን እንኳ አልሸፈነም።

«ያልሽውን ነው የቆረጥኩት፤ ተሰብስቦብሽ ነው» አለች ባለሙያዋ። አልዋሸችም። ችግሩ ያለው መቀሱ ከመነሳቱ በፊት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ መቅረቱ ላይ ነው።

የዚህ ዓምድ የቆዩ አንባቢዎች ጸሐፊው ከፀጉር ቤቶች ጋር ያለውን የቆየ ሙግት ያውቁታል። ከርዳዳ ፀጉር ላይ የሚሠራ ሰው የሉጫ ፀጉር አቆራረጥ ተምሮ እንዳለ ሲያወርደው ማየት ያንገበግባል። «ፀጉር የሚቆረጠው እርጥብ ሆኖ ነው፤ የተማርነውም እንደዚያ ነው» የሚሉ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም። የተማሩበት ፀጉር እርጥብም ሆነ ደረቅ ያው ርዝመት ያለው ከሆነ ትምህርቱ ልክ ነው። ፊታቸው ለተቀመጠችው ልጅ ግን አይሠራም።

ለምን እንደሚሰበሰብ መረዳት ከባድ አይደለም። አንዷ ዘለላ ስትደርቅ ራሷ አታጥርም ማለት ይቻላል፤ በእርጥብና በደረቅ ዘለላ መካከል ያለው የርዝመት ልዩነት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። የሚለወጠው ጥቅሏ ነው። ከርዳዳ ፀጉር ከራስ ቆዳ ሥር ካለው ጎባጣ ሥሩ ጀምሮ ተጠምዝዞ ይወጣል፤ ቅርጹንም ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ይዞለታል። በኬራቲኑ ውስጥ ጠንካራና ደካማ ማሰሪያዎች አሉ። ጠንካራዎቹ የሰልፈር ማሰሪያዎች ውኃ አይፈታቸውም፤ እነሱን የሚሰብረው እንደ ሪላክሰር ያለ ኬሚካል ነው። ደካማዎቹ የሃይድሮጅን ማሰሪያዎች ግን ውኃ ሲገባባቸው ይለቃሉ። በዚህ ጊዜ ጥቅሉ ይላላል፣ ፀጉሩ የጠጣው ውኃም ክብደት ሆኖ ወደ ታች ይስበዋል፤ ያኔ ፀጉሩ ረዝሞ ይታያል። ውኃው ሲተን ማሰሪያዎቹ እንደገና ይያያዛሉ፣ ክብደቱም ይቀራል፣ ዘለላዋም ከሥሯ ወደተሠራችበት ጥምዝ ትመለሳለች። ጥምዙ በጠበበ ቁጥር መሰብሰቡ ይበረታል። እጅግ ከርዳዳ የሆነ ፀጉር ሲደርቅ ከእውነተኛ ርዝመቱ ሩቡን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። መሰብሰቡ ፀጉሩ ስለታመመ ወይም ስለደረቀበት የመጣ አይደለም፤ እንዲያውም ታጥቦ የማይሰበሰብ ከርዳዳ ፀጉር ካለ፣ በሙቀት ብዛት ጥምዙ እንደተበላሸ መጠርጠር ይገባል።

በዚያው ሳምንት የሆነ ሌላ ነገር ደግሞ ጉዳዩን ከተቃራኒው በኩል አሳየ። አንድ ወጣት ጎፈሬውን ለማስተካከል ወንዶች ፀጉር ቤት ገባና «ወንድሜ፣ ሁለት ጣት ብቻ ቀንስልኝ» አለ። ቆራጩ ታዛዥ ነበር። በሚዶ አበጥሮ፣ ፀጉሩ ደረቅ እንደሆነ ዙሪያውን ሁለት ጣት፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አነሳለት። ወጣቱ በቅርጹ ተደሰተ። የገረመው ከሁለት ቀን በኋላ እህቱ ሹሩባ ልትሠራው ስትሞክር ነው፤ ፀጉሩ ለጉንጉን አልበቃ አለ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የዚህ ልጅ ፀጉር ሲደርቅ የሚያሳየው ከእውነተኛ ርዝመቱ አንድ ሦስተኛውን ነው። ስለዚህ ከደረቁ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲነሳ ከዘለላው የተቆረጠው ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፈረንሳያዊቷ ተመራማሪ ዥኔቪዬቭ ሉሱዋርን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው ጥናት የአፍሪካውያን ፀጉር በአማካይ በቀን 0.256 ሚሊ ሜትር እንደሚያድግ አሳይታለች። በዚያ ፍጥነት ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር የአንድ ዓመት እድገት ነው። ልጁ ሁለት ጣት ያለው የአንድ ዓመት ፀጉሩን ነበር።

እንግዲህ ሁለቱ ስህተቶች በተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉ። የልጅቷ ባለሙያ ፀጉሩ የት እንደሚያርፍ የወሰነችው እርጥቡንና የተሳበውን አይታ ነው፤ የልጁ ቆራጭ ደግሞ ስንት እንደሚነሳ የለካው የተሰበሰበውን አይቶ ነው። ጥያቄው ሁለት ነው፤ መለኪያውም ሁለት መሆን አለበት። «የት ይድረስ?» የሚለው በደረቁ ይመለሳል። «ስንት ይቆረጥ?» የሚለው በተሳበው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደግሞ አንድ ቁጥር ነው፤ ያም የደረቀው ርዝመት ለተሳበው ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ቁጥሩን ለማግኘት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ፀጉሩ ከአንድ ቀን በፊት ታጥቦ፣ ሁልጊዜ እንደሚያዘው ሆኖ በራሱ መድረቅ አለበት። ከሹሩባ የተፈታ፣ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ የደረቀ ወይም የተተኮሰ ፀጉር አስቀድሞ ተስቧልና ይዋሻል፤ ቅቤ የተቀባም እንዲሁ ክብደቱ ያወርደዋል። ከዚያ ከፊት፣ ከመሀል አናት፣ ከጆሮ በላይና ከማጅራት ቀጭን ቀጭን ጭብጥ ይያዛል። መጀመሪያ ሳይነካ ከራስ ቆዳ እስከ ጫፉ ይለካል፤ ቀጥሎ ጫፉ በሁለት ጣት ተይዞ ጥምዙ እስኪቃና ድረስ ይሳብና ይለካል። እስኪቃና ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ መሳብ ዘለላዋን እንደ ላስቲክ ይለጥጣታል። እርጥብ ፀጉር ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ስለሚለጠጥ፣ በማበጠሪያ ተወጥሮ የሚለካ እርጥብ ፀጉር ጭራሽ የሌለውን ርዝመት ያሳያል።

አራት ቦታ መለካቱ አለምክንያት አይደለም። በአንድ ራስ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ እኩል አይጠመዘዝም። የአንዲት ሴት አናት ላይ ያለው ደርቆ 9፣ ተስቦ 27 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል፤ አንድ ሦስተኛውን ያሳያል ማለት ነው። ማጅራቷ ላይ ያለው ደግሞ ደርቆ 11፣ ተስቦ 22፤ ግማሹን ያሳያል። ሴትዮዋ የምትፈልገው ዙሪያው እኩል 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጎፈሬ ነው። አናቷ ላይ ደርቆ 8 እንዲሆን ተስቦ 24 መቅረት አለበት፤ ስለዚህ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይነሳል። ማጅራቷ ላይ ግን ተስቦ 16 ይበቃል፤ ከዚያ ስድስት ይነሳል። ሁሉም እርጥብ እንዳለ ተስቦ 20 ላይ እኩል ቢቆረጥ አናቷ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ማጅራቷ 10 ላይ ይቀራል፤ ከኋላ ያበጠ፣ ከላይ የተደፈጠጠ ቅርጽ ይዛ ትወጣለች። እንዲህ ያለ ጎፈሬ ከተማው ውስጥ ሞልቷል፤ ጥፋቱም የፀጉሩ ይመስላል።

ይህ ማለት በደረቁ እኩል የሆነ ፀጉር ሲተኮስ እኩል አይሆንም ማለት ነው። አንዱ ሲገኝ አንዱ ይታጣል። አብዛኛውን ጊዜ የምታስተኩስ ሴት ተስቦ እኩል እንዲሆንላት፣ በተፈጥሮው የምትይዝ ደግሞ ደርቆ እኩል እንዲሆንላት መናገር አለባት፤ ባለሙያዋም ውኃ ከማስነካቷ በፊት መጠየቅ አለባት። ቁጥሩም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ጥምዙ ሰፋ ያለ ፀጉር ሲያጥር ክብደቱ ስለሚቀንስ ከተለካው በላይ ይሰበሰባል፤ በክረምት እርጥበትም ከበጋው ይለያል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከሚፈለገው በደረቁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝመው ይጀምራሉ። ለሚጠራጠር ደግሞ ማጅራት ላይ ከውስጥ አንዲት ጭብጥ ብቻ ቆርጦ፣ አርጥቦ፣ እስክትደርቅ መጠበቅ ነው። ያረፈችበት ቦታ ካላስደሰተ የጠፋው የማይታይ ጭብጥ ነው።

ሹሩባ የሚሠሩ እናቶች ይህን ሁሉ ያለ ሜትር ያውቁታል። እጃቸው ፀጉሩን እየሳበ ስለሚሠራ እውነተኛውን ርዝመት በየሳምንቱ ይዳስሳሉ። ይህ ዓምድ ደጋግሞ የሚሟገተው «ከርዳዳ ፀጉር አያድግም» የሚለው ወሬም የሚወለደው ያ እጅ በሌለበት ቤት ነው። እናት የልጇን ፀጉር በመስታወት እያየች ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቆመ ትላለች፤ ከዚያ ቅባቱ ይገዛል፣ ዘይቱ ይቀያየራል። ሉሱዋርን ባገኘችው ፍጥነት ፀጉር በስድስት ወር አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያድጋል፤ አንድ ሦስተኛውን ብቻ የሚያሳይ ፀጉር ግን ከዚያ የሚያሳየው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። እሱን በዓይን ማንም አይለየውም።

እንዲህ ያለች እናት ከቅባቱ በፊት አናት ላይ አንድ ቦታ መርጣ፣ በየሦስት ወሩ ከዚያው ቦታ ተስቦ መለካት ትችላለች። ሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከጨመረ ፀጉሩ እያደገ ነው። ካልጨመረ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ማየት ነው። ከሥሩ የረገፈ ዘለላ አንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ጉብታ አለው፤ የተሰበረ ግን የለውም፣ አጭርም ነው። የበዛው ያለ ጉብታ ከሆነ፣ ፀጉሩ ከሥር እያደገ ከጫፍ እየተሰበረ ነው፤ ያን ጊዜ መለወጥ ያለበት ቅባቱ ሳይሆን ደረቁን የማበጠር ልማድ ነው። በኮንዲሽነር እርጥብ ሆኖ፣ ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር መፈታት አለበት።