ቍጥር ወይስ ቃል? በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ትምህርት ስለሚያቋርጡ ልጆች ጥናት

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚመረጥበት ወራት በመጣ ቍጥር በየመኝታ ቤታችንና በየሻይ ቤቱ አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ «ቍጥር የሌለው ጥናት ወሬ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሰው በቍጥር አይታወቅም» ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ሁለቱን ለማስታረቅ «ቅይጥ ዘዴ እጠቀማለሁ» ይላል፤ ከሦስቱም አማካሪውን በቶሎ የሚያስደስተው ይኸኛው ነው። እኔ ግን ክርክሩ ከጅራቱ የተያዘ ይመስለኛል። ዘዴ እንደ ልብስ በምርጫ የሚለበስ ነገር አይደለም። በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፥ ይኸውም በላይና በታች ጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ፥ ልጆች ትምህርት ስለሚያቋርጡበት ምክንያት ለማጥናት የሚያስብ ባልንጀራችን ቢኖር፥ ዘዴውን ከመምረጡ በፊት «አቋረጠ» የሚለው ቃል በትምህርት ቤቱ መዝገብ ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ይመርምር እላለሁ።

የአቋራጮች ቍጥር እንዴት እንደሚገኝ እንመልከት። በየዓመቱ በሚወጣው የትምህርት ስታቲስቲክስ የሚሠራበት ስሌት አቋራጮችን አንድ በአንድ የሚቈጥር አይደለም፤ በመቀነስ የሚያገኛቸው ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ዘንድሮ በአምስተኛ ክፍል 80 ልጆች ተመዘገቡ እንበል። በሚመጣው ዓመት ከእነርሱ 58ቱ ወደ ስድስተኛ አልፈው ተመዘገቡ፤ 6ቱ ደግሞ አምስተኛን ደገሙ። 80 ሲቀነስ 58፥ ሲቀነስ 6፥ የሚተርፈው 16 ነው። እነዚህ 16 ልጆች አቋራጭ ይባላሉ፤ ከመቶ 20 ማለት ነው። ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ይህ 16 የሚነግረን ልጆቹ በዚያ መዝገብ ላይ አለመገኘታቸውን ብቻ ነው፤ የት እንደ ደረሱ አይነግረንም።

አሁን አንድ ተመራማሪ የእነዚያን 16 ልጆች ስም ይዞ በየጎጡ ቢወርድ ምን ሊያገኝ እንደሚችል እናስብ። ምሳሌው የእኔ ነው፤ በውስጡ ያሉት ነገሮች ግን ያገሩን ልማድ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደሉም። አራቱ ልጆች መሸኛ ወረቀት ሳይወስዱ ንፋስ መውጫ ወይም ወገዳ ካለ ዘመድ ቤት ገብተው እዚያው እየተማሩ ነው። ሦስቱ ወንዶች ደበሎ ለብሰው ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት ሄደዋል፤ አገሩ የድጓ ማስመስከሪያ ቤተ ልሔም ያለችበት የጋይንት አገር ነውና አባታቸው «ልጄ ትምህርት ጀመረ» ይላል እንጂ «አቋረጠ» አይልም። አምስቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወርደዋል። ሦስት ልጃገረዶች ተድረዋል። አንዱ እናቱ ስለ ታመመች ከብት ይጠብቃል።

እንግዲህ አራቱ በሌላ ትምህርት ቤት ስለሚገኙ ቢቀነሱ የቀሩት 12 ናቸው፤ ከመቶ 20 የነበረው ወደ ከመቶ 15 ወረደ። የቆሎ ተማሪዎቹስ ይቀነሱ ወይስ አይቀነሱ? ይህን ሒሳብ አይፈታውም። ጥያቄው ስለ ዘመናዊ ትምህርት ብቻ ከሆነ አቋርጠዋል፤ ስለ መማር ከሆነ አላቋረጡም። ስለዚህ ቍጥር የሚቈጥረውን ዓይነት ቃል አስቀድሞ መለየት አለበት። ዓይነታዊው ጥናት ለመጠናዊው የሚያበረክተው የመጀመሪያ አገልግሎት ይህ ነው፤ ማሳመሪያ ጥቅስ ማቅረብ አይደለም።

በብዛት የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ 1200 ተማሪዎች መኖራቸውን ይሰማል፤ ሁላችንም በምናውቀው በያማኔ ቀመር፥ ከመቶ 5 የስሕተት ወሰን ይዞ ያሰላና 300 ሰው ያገኛል። ስሌቱ ትክክል ነው። ከዚያም 300 መጠይቅ ያድላል። ለማን? በክፍል ውስጥ ለተገኙት! ያቋረጠ ልጅ በዚያ ቀን በክፍል ውስጥ የለም፤ ቢኖርማ አላቋረጠም ነበር። መጠይቁ ስለዚህ «ጓደኞችህ ለምን አቋረጡ?» ብሎ የቀሩትን ልጆች ይጠይቃል፤ ልጆቹም «ድህነት» ከሚለው ፊት ለፊት ምልክት ያደርጋሉ። ውጤቱ በሠንጠረዥ ሲቀመጥ ሳይንስ ይመስላል፤ ነገር ግን የተጠኑት አቋራጮች አይደሉም፤ ያላቋረጡ ልጆች ስለ አቋራጮች ያላቸው ግምት ነው። ናሙናው 300 ሳይሆን 600 ቢሆን ይህ ጉድለት አይድንም፤ ከዝርዝሩ የጎደለ ሰው ዝርዝሩን በማስፋት አይገኝምና።

«ድህነት» የሚለው መልስ ራሱ ሌላ ችግር አለው። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከታቀፉት ወረዳዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ቀበሌ ያቋረጠው ልጅ ቤት እህል እንዳነሰ ሁሉ የቀረውም ልጅ ቤት አንሷል። ሁለቱም የሚጋሩት ነገር አንዱ ለምን ወጥቶ ሌላው ለምን እንደ ቀረ ሊያስረዳ አይችልም። ይህን ለማወቅ ከእያንዳንዱ አቋራጭ ጎን ከዚያው ክፍልና ከዚያው ጎጥ ያላቋረጠ ልጅ አስቀምጦ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ታላቅ ወንድም አለው ወይ? ትምህርት ቤቱ ከቤቱ የስንት ሰዓት መንገድ ነው? ባለፈው ክረምት ለቀን ሥራ ሄዶ ነበር ወይ? እዚህ ላይ ብልጫው የቍጥር ነው። አቋራጮቹን ብቻ አነጋግሮ የሚመለስ ሰው የቱንም ያህል ልብ የሚነካ ታሪክ ቢያመጣ ማነጻጸሪያ የለውም።

ቍጥር ሌላም መልካም ሥራ አለው፤ ወራቱን ያሳያል። የዓመቱን ድምር ትተን የስም መጥሪያውን ገጽ በገጽ ብንገልጥ እያንዳንዱ ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ «አለ» የተባለበት ቀን ይገኛል። የሰሊጥ አጨዳ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው፤ ሠርግ የሚበዛው ደግሞ በጥር፥ ከዐቢይ ጾም በፊት ነው። የወንዶቹ መጥፋት በጥቅምት፥ የሴቶቹ በጥርና በየካቲት ቢከማች፥ አንድም ሰው ሳይጠየቅ ትልቅ ፍንጭ ተገኘ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በጥር የጠፋችው ልጅ ታማ ሊሆን ይችላል።

ፍንጩን ለማረጋገጥ ወደ ቤት መሄድ ግድ ይሆናል፤ እዚህም ላይ መጠይቅ ይሰንፋል። የጋብቻ ዕድሜ በፌዴራሉ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ፥ እንዲሁም በአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ነው። የ14 ዓመት ልጁን የዳረ አባት ወረቀትና ብዕር ለያዘ እንግዳ «ድሬያታለሁ» አይልም፤ «አክስቷ ዘንድ ሄደች» ይላል። ስለዚህ በመጠይቅ የተሰበሰበ ቍጥር ጋብቻን አሳንሶ እንደሚያሳይ አስቀድሞ መገመት ይገባል። የሚሻለው «ለምን?» ብሎ አለመጀመር ነው፤ «ለምን?» ክስ ይመስላልና። «መጨረሻ ትምህርት ቤት የዋለችበት ሳምንት በቤት ውስጥ ምን ምን ነበረ?» ብሎ ነገሩን በቀን ቅደም ተከተል ማስተረክ ይሻላል። ልጁን ወይም ልጅቱን፥ ወላጅንና የክፍሉን ኃላፊ መምህር ለየብቻ አነጋግሮ ሦስቱ ቃሎች የሚለያዩበትን ቦታ ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ እውነቱ የሚደበቀው እዚያ ነው። የልጅቱን ስምና ጎጥ በጽሑፉ ውስጥ አለማስገባትም የዘዴው አንድ ክፍል ነው፤ ቤተሰቡ ነገ በቃሉ የሚከሰስ ከሆነ ዛሬ እውነት አይናገርም። የዚህም ዘዴ ወሰን ግልጥ ነው። 12 ቤት የገባ ሰው ስለ 12 ቤት ያውቃል፤ ስለ እስቴ ሁሉ መናገር አይችልም።

እንግዲህ ቅይጥ የሚባለው መቼ ነው? መጠይቅ አድሎ ሦስት መምህራን ማነጋገር ቅይጥ አይደለም፤ ሁለት ያልተገናኙ ጥናቶችን በአንድ ጥራዝ መጠረዝ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ አንዱን ክፍል ቀድደን ብናወጣው መደምደሚያው ሳይለወጥ የሚቆም ከሆነ አልተቀየጠም። ከላይ ባየነው ምሳሌ ግን መዝገቡ ማንን መፈለግ እንዳለብን ነገረን፤ ቤቶቹ መዝገቡ የማያውቃቸውን ዓይነቶች ሰጡን፤ በእነዚያም ዓይነቶች ወደ መዝገቡ ተመልሰን ከመቶ 20 የሚለውን አረምን። በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በአገራችን በ20 ሥፍራዎች ወደ 3000 የሚደርሱ ልጆችን የተከተለው ያንግ ላይቭስ የተባለ ጥናት ጥንካሬው ከዚሁ የመጣ ነው፤ ትምህርት ቤቶችን ሳይሆን ልጆቹን ራሳቸውን ስለ ተከተለ፥ ልጁ ከትምህርት ቤት ቢወጣም ከጥናቱ አይወጣም፤ የቍጥሩንም ቅኝት ረጅም ጭውውት ይከተለዋል።

ስለ ዓመቱ ምርጫም አንድ ቃል ልጨምር። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተዘግተዋል፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ደርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በተነሣው ግጭት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስም አይጠራም፤ ስም ካልተጠራ መዝገቡ አቋራጭ አያሳይም። ያ ባዶ ገጽ ልጆች መቅረታቸውን የሚያሳይ የሚመስለው ሰው ቢኖር እጅግ ይስታል። የእነዚህን ዓመታት መዝገብ ከሌሎቹ ጋር ደምሮ አማካይ ማውጣት አይገባም፤ ለእነርሱ የሚሆነው መሪ ምንጭ የሰው ቃል ነው።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አንድ ወሰነ ትምህርት ብቻ ያለው ተማሪ የሦስት ወረዳን ስም በርእሱ ላይ አይጻፍ። ጥያቄው «ስንት፥ በየትኛው ክፍልና ወር?» ከሆነ በመዝገብ ብቻ ይሥራ፤ ቍጥሩም ቅሪት መሆኑን በግልጥ ይናገር። «ቤተሰቡ ማቋረጥን እንዴት ያየዋል?» ከሆነ በጭውውት ብቻ ይሥራ፤ ከመቶ እጅም አይጥቀስ። «እነዚህ ልጆች ለምን ወጡ?» ከሆነ ግን አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ክፍል ይምረጥ፤ 16ቱን ሁሉ እስከ ቤታቸው ይከተል፤ ከጎናቸውም 16 ያላቋረጡትን ያቁም።

ይህ የፈተና ወረቀት ማሟያ ብቻ አይደለም። በጥናታችን ላይ «ድህነት» ብለን ብንዘጋ የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ይሆናል፤ በትምህርት ቤት ምሳ ማብላት። ምሳው ከብት ለሚጠብቀው ልጅ ምናልባት ይረዳው ይሆናል። በጥቅምት መተማ የወረደውን ልጅ ግን አይመልሰውም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው በኅዳር ሲመለስ የሚቀበለው ክፍል ነው። በጥር የተዳረችውንም አይመልሳትም። ሦስቱ የተለያየ ነገር ይፈልጋሉ፤ በስም መጥሪያው ላይ ግን የሦስቱም ስም በአንድ ዓይነት መስመር ተሰርዟል።